ከቆቦ ቆላ ወደ ኤድመንተን ብርድ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ከቁጠባና ከብድር ወጣ ያለ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከሣጥናችን የወጣ ገንዘብ ስላለበት ለጉባኤው መቅረብ አለበት። ከአባሎቻችን አንዷ፣ የስልሳ ሦስት ዓመት እናት፣ ልጃቸውን ለማረስ ወደ ካናዳ ይሄዳሉ። ከተማዋ ኤድመንተን ትባላለች። ቪዛው ወጥቷል፤ የቲኬቱን ግማሽ ማኅበሩ በብድር ሸፍኗል። ልጅቱ የመጀመሪያ ልጇን የምትገላገለው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ባሏ የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ በዚያ አገር ሌላ ዘመድ የላትም። ስለዚህ «ብርዱ ይለፍና በሚያዝያ ይሂዱ» ማለት አይቻልም። አራስ የምትታረሰው በአራስነቷ ነው። እኚህ እናት ደግሞ ብርድ የሚያውቁት ደላንታ ዘመድ ሊጠይቁ ሲወጡ ብቻ ነው። ከእሳቸው በኋላ የሚሄዱ ሌሎች ሁለት አባላት ስላሉን፣ ዝግጅቱን አንድ ጊዜ በደንብ ሠርተን ለሁሉም እንዲሆን አስበናል።

መጀመሪያ ሁለት ቃላትን እናጥራ። ልጆቻችን በስልክ «እዚህ ክረምት ነው» ሲሉን እኛ ሐምሌንና ነሐሴን እናስባለን። የእነሱ ክረምት ግን የሚውለው በእኛ በጋ ነው። እኛ ማሽላ አጭደን አውድማ ላይ ስንሆን እነሱ በረዶ ይዝቃሉ፤ ብርዱም ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘልቃል። ስለዚህ «በክረምት አልመጣም» ብሎ በታኅሣሥ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው የሸሸው ነገር መሐል ይገባል።

ሁለተኛው ቃል በረዶ ነው። የእኛ በረዶ ከደመና ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ማሽላ የሚያረግፍ፣ ብዙም ሳይቆይ ቀልጦ የሚያልቅ ነው። እዚያ ግን በረዶ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ተባዘተ ጥጥ ያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደው ነው። ደረቅ ስለሆነ ከልብስ ላይ ሲያራግፉት ይረግፋል። ሁለተኛው ያው ጥጥ በሰው እግርና በመኪና ጎማ ተረግጦ የጠጠረው ነው። ሦስተኛው ቀልጦ እንደገና የረጋው ነው፤ እንደ መስተዋት ስለሚያሳልፍ አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። የትልልቅ ሰዎችን ዳሌና የእጅ አንጓ የሚሰብረው ይህ ሦስተኛው ነው። የሚፈጠረው ቀን ትንሽ ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ነው። እንግዲህ «ዛሬስ ሞቅ ብሏል» ከተባለበት ቀን ማግስት ያለው ጠዋት ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የሚፈራ ነው።

አረማመዱን ግን እኛ እናውቀዋለን። በሐምሌ ዋልካ ጭቃ ላይ እንዴት እንደምንሄድ አስቡት፤ እርምጃ እናሳጥራለን፣ እግራችንን ሙሉውን እናሳርፋለን፣ ጉልበታችንን ላላ እናደርጋለን። እዚያም እንዲሁ ነው። የሚጨመረው ነገር እጅን ከኪስ ማውጣት ነው፤ እጁ ኪስ ውስጥ ያለ ሰው ሲወድቅ መመከት አይችልም። ሕፃን አዝሎ በረዶ ላይ መሄድ ግን ይቅር። አያትየው ሕፃኑን ቤት ውስጥ የፈለጉትን ያህል ይዘሉት፤ ውጭ ግን አባቱ በጋሪ ይግፋው።

አሁን ወደ ልብሱ እንሂድ። በኤድመንተን በጥር ወር ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ የተለመደ ነው፤ ከዜሮ በታች 30 የሚደርስባቸው ቀናትም አሉ። ለማነጻጸር ያህል፣ ሥጋ እንደ ድንጋይ የሚያደርቀው የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። ነፋስ በሰውነታችን ዙሪያ ያለውን ሙቅ አየር ጠርጎ ስለሚወስድ፣ ዲግሪው ያው ሆኖ ብርዱ ይብሳል። የካናዳ የአየር ትንበያ ይህን ለብቻው አስልቶ ይናገራል። ነፋሱ ተጨምሮበት ከዜሮ በታች 28 ሲደርስ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሊደርቅ ይችላል። እናትየው ከልጃቸው ሊጠይቁ የሚገባው ቁጥር ይህኛው ነው፤ «ስንት ዲግሪ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከነነፋሱ ስንት ነው?» ይበሉ።

ብዙዎቻችን መጀመሪያ ያሰብነው ጋቢ ነበር፤ ሁለት ጋቢ ቢደረብ ምን ይሆናል ብለን። ጋቢ የሚያሞቀው ግን ጥጡ ሙቀት ስላለው አይደለም። ሙቀቱ የራሳችን ነው፤ ጋቢው በእጥፎቹ መካከል አየር ይዞ ሙቀታችን እንዳይሸሽ ያደርጋል። ነፋስ ሲነፍስበት ያ አየር ይወጣል፤ ሲረጥብ ደግሞ የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል። ጥጥ ውኃ ይወዳል፣ ቶሎም አይለቅም። ላብ የጠጣ የጥጥ ከናቴራ ለብሶ ብርድ ውስጥ መቆም እርጥብ ጨርቅ በደረት ላይ እንደማሰር ነው። የእኛ ደገኞች ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ ቆለኛው ጥጥ ሲለብስ እነሱ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩት በከንቱ አይደለም። ጠጉር ቢረጥብም እንኳ የተወሰነ ሙቀት ይይዛል።

እንግዲህ ልብሱ በሦስት ድርብ ይታሰባል። ቆዳ የሚነካው ስስ ሆኖ ከበግ ጠጉር ወይም ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ፣ ከላይም ከታችም ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ነው። ሥራው ላብን ከቆዳ ማንሣት ነው። መካከለኛው ወፈር ያለ የሱፍ ሹራብ ወይም ብርድ ልብስ የመሰለ ለስላሳ ጃኬት ነው፤ አየር የሚይዘው እሱ ነው። የላይኛው ነፋስና እርጥበት የማያስገባ፣ ቆብ ያለው፣ ቢያንስ መቀመጫን የሚሸፍን ካፖርት ነው። አንድ በጣም ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሦስት መደረብ የሚሻለው፣ ሲሞቅ አንዱን ማውለቅ ስለሚቻል ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድርቦች እዚሁ ማግኘት እንችላለን። ሰኞም ይሁን ቅዳሜ ሰልባጅ ተራ ገብቶ በትዕግሥት ለሚፈልግ ጥሩ የሱፍ ሹራብ አይጠፋም፤ የቆላ ሰው ስለማይፈልገው ዋጋውም አይወደድም። ችግሩ ሱፍ የሚመስል ሁሉ ሱፍ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ከገዛን በኋላ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዝዘን በክብሪት እናያለን። የበግ ጠጉር ከሆነ በግድ ይነዳል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ቦግ ብሎ ነዶ ስስ አመድ ይተዋል። የቀለጠውን አንጥልም፤ ሰው ሠራሹም ላብ ስለማይጠጣ ይጠቅማል። የምንመልሰው እንደ ወረቀት የነደደውን ነው።

ሦስተኛውን ድርብና ጫማውን ግን ከዚህ መሸከም አያስፈልግም። እኛ አገር የሚሸጠው ካፖርት ለአዲስ አበባ ጠዋት የተሠራ ነው። እዚያ ለዚያ ብርድ ተብሎ የተሠራ፣ ሌላ ሰው የለበሰው ሆኖ በርካሽ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ ልጅቱ ቀድማ ትግዛ። ለጫማው ቁጥር በቃል መንገር ግን ያሳስታል። እናትየው ወደ ማታ፣ እግር ትንሽ አበጥ በሚልበት ሰዓት፣ ወፍራም ካልሲ አድርገው ወረቀት ላይ ይቁሙ፤ ሌላ ሰው በእርሳስ ዙሪያውን ይሣልና ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት በሴንቲ ሜትር ለክቶ ፎቶውን ይላክ። ጫማው ከዚያ ልክ ጣት የሚያንቀሳቅስ ያህል ሰፋ ማለት አለበት። ጠባብ ጫማ ሁለት ካልሲ ቢገባበትም ይበርዳል፤ አየር የሚቀመጥበት ቦታ የለውማ፣ ደሙም ይታፈናል።

ስለ ቀሚስ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። ቀሚስ መተው አያስፈልግም። ከሥር ስሱና ወፍራሙ ሱሪ ይለበሳል፤ ቀሚሱ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ መሆን አለበት። መሬት የሚነካ ጠርዝ በረዶ ይጠርጋል፣ ቤት ሲገባ ይቀልጣል፣ ተመልሶ ሲወጣ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ሻሹም ይቀጥል፤ በላዩ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ ይደረግበት። ጓንት ሲገዛ አምስት ጣት ያለው ሳይሆን አራቱ ጣቶች በአንድ ከረጢት የሚገቡበት ይመረጥ፤ ጣቶች ሲነካኩ ይሞቃቀላሉ።

አለባበሱ ሥርዓት አለው። እዚያ ቤቱ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። ካፖርት ለብሶ ሳሎን ተቀምጦ መኪና የሚጠብቅ ሰው ያልበዋል፤ ያ ላብ ውጭ ሲወጣ ጠላቱ ነው። ካፖርት የሚለበሰው በር ላይ ነው፤ ሱቅ ሲገቡም መጀመሪያ እሱ ይከፈታል። ጋቢያችን ደግሞ ለቤት ውስጥ ይሁን፤ አራሷም ሕፃኑም ይሞቁበታል። በነገራችን ላይ፣ ሕፃኑ መኪና ውስጥ በልጆች ወንበር ሲታሰር ወፍራም ካፖርት ለብሶ አይታሰርም። ካፖርቱ በግጭት ጊዜ ስለሚጨፈለቅ ማሰሪያው ይላላል። በስስ ልብስ ይታሰርና ብርድ ልብሱ ከማሰሪያው በላይ ይደረብለት።

አሁን የምንናገረው ለእናቶች ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል ብለን የምናምነው ነው። ብዙ ቦታ የቤቱ በር ሲዘጋ በራሱ ይቆለፋል። ቆሻሻ ልጥል ብሎ በነጠላ ጫማና በቤት ቀሚስ የወጣ ሰው፣ ልጅቱ ተኝታ ወይም ሐኪም ቤት ሄዳ ከሆነ፣ ከዜሮ በታች 25 ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቁልፉ በክር ታስሮ አንገት ላይ ይውላል፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ካፖርትና ጫማ ሳይደረግ ከደጃፍ አይታለፍም።

ብርዱ ሰውነት ላይ መግባቱ የሚታወቀው ሲያቆም ነው። ጣት፣ የአፍንጫ ጫፍ ወይም ጆሮ ሲበርደው ያማል፤ ሕመሙ ድንገት ጠፍቶ ከደነዘዘና ቆዳው ከወትሮው ፈዘዝ ወይም ነጣ ብሎ ሰም ከመሰለ፣ «ለመድኩት» አይባልም። ቶሎ ቤት ይገባል። አይታሽም፣ በረዶ አይቀባም፣ ማሞቂያ ላይም አይጣድም፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። ለሕፃን ገላ በክርናችን በምንለካው ዓይነት ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ቤት ነው። ሰውየው መንቀጥቀጡን ትቶ ንግግሩ ከተጎተተና ግራ ከተጋባ ግን ጣቱን ማየት ይቅርና ወዲያው 911 ይደወላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከቡና ጋር የተያያዘ አለ። እኛ ቤት ጭስ በቆርቆሮው ስር፣ በበሩ፣ በመስኮቱ ይወጣል። እዚያ ቤቱ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ጥርቅም ተደርጎ የተሠራ ነው። ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ሽታ በሌለው የከሰል መርዝ ሰው ይገድላል፤ አራስና ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ይብሳል። ጀበናው ይሂድ፣ ረከቦቱም ይሂድ፤ ምድጃው ግን የኤሌክትሪክ ይሁን።

ወደ ቀኑ ርዝመት እንለፍ። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምንናገረው። ቆቦ በታኅሣሥ እንኳ ቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ፀሐይ በአሥራ ሁለት ተኩል ግድም ወጥታ በአሥራ ሁለት ግድም ትገባለች። የእኛ ሰዓት ራሱ በፀሐይ የተሠራ ነው፤ «አንድ ሰዓት» ስንል ፀሐይ አብራ ትታየናለች። ኤድመንተን ታኅሣሥ 12 ቀን ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2:48 አካባቢ ነው። የምትገባው ከቀኑ 10:16 አካባቢ ነው። ቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል አይሞላም። በገና ዕለት እንኳ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ፀሐይ ገና አልወጣችም። በዚያ ላይ ፀሐይዋ በቀትርም አናት ላይ አትደርስም፤ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ትዞራለች።

ይህ በሁለት መንገድ ይፈትናል። አንዱ እንቅልፍ ነው። በእኛና በእነሱ መካከል አሥር ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እናትየው በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ይነቃሉ። እዚህ ቢሆን ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ወፍ ይንጫጫል፤ እዚያ ግን እስኪነጋ ስድስት ሰዓት ሊጠጋ ይቀራል። ጭንቀት የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። መብራት አብርቶ ሥራ መጀመር፣ ገንፎውን ማገንፋት ይሻላል። በዚያ ሰዓት ቆቦ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ስለሆነ፣ የሚደወልላቸው ሰው ተራ አውጥተን እንመድባለን። በቀትር ደግሞ ሰማዩ ከጠራ ለግማሽ ሰዓት ወጣ ማለት ነው፤ የቀኑ ብርሃንም ሙቀቱም ያኔ ነው።

ሁለተኛው ጸሎት ነው። ክርስቲያን እናቶች ኪዳን የሚደርሱት በጨለማ፣ ሠርክ የሚሉትም በጨለማ ይሆናል። ለሙስሊም እኅቶቻችን ደግሞ ከዙሁር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ አራት ሰዓት አይሞላም፤ አሱር በመካከል አለ። እዚህ በጥላ የለመዱት ልክ እዚያ አይሠራም። የከተማዋን የሶላት ሰሌዳ ልጆቻቸው ከመስጊዱ ይውሰዱላቸው።

የቀረው መንገዱ ነው፤ ጊዜ የወሰደብንም እሱ ነው። ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር እስከ ቶሮንቶ ይደርሳሉ። ከዚያ ሁለት አማራጭ ቀረበልን። አንደኛው በሌላ አውሮፕላን እስከ ኤድመንተን መሄድ ነው። ሁለተኛው እስከ ካልጋሪ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ከካልጋሪ ኤድመንተን ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል በአማቻቸው መኪና መጨረስ ነው። ሁለተኛው ረከስ ያለ ስለሆነ፣ ብድሩን የምንሰጥ እኛ እንደመሆናችን ልባችን ወደሱ አድልቶ ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሰፊ ነው፣ በደረቅ ቀን ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚህ ደሴ እንደመሄድ ነው ያልንም ነበርን።

ከዚያ ሰዓቱን ቆጠርነው። ካልጋሪ የሚያርፉት ከቀኑ 8:30 ነው። ሻንጣ ወስደው፣ ለብሰው፣ መኪና ውስጥ እስኪገቡ 9:30 ይሆናል። በዚያ ወር ካልጋሪ ላይ ፀሐይ የምትገባው 10:30 ገደማ ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ አንድ ሰዓት በብርሃን፣ ሁለት ሰዓት በጨለማ ይነዳል። መንገዱ ላይ በረዶ ካለ ሦስቱ ሰዓት አምስት ይሆናል፤ አራቱ በጨለማ ነው። አሁን ደግሞ ሹፌሩን አስቡት። አማቻቸው የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ሳይተኛ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነድቶ ካልጋሪ ይመጣና ማታውን ተመልሶ ይነዳል። ቤት ውስጥ ደግሞ መውለጃዋ የተቃረበ ሚስቱ ብቻዋን ትቆያለች። የቲኬቱ ልዩነት ይህን ሁሉ አይከፍልም። ወደ ኤድመንተን የሚሄደውን ቆርጠናል፤ ከዚያ አየር ማረፊያ እስከ ከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይሁን እንጂ የካልጋሪው መንገድ ከሐሳባችን ወጥቶ አልቀረም፤ አየር መንገዶች በበረዶ ውሽንፍር ምክንያት በረራ ይሰርዛሉ፣ መንገደኛንም በሌላ ከተማ በኩል ያዞራሉ። ስለዚህ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

እኛ አገር «መንገድ ተዘጋ» ሲባል የሚታወሰን ብዙ ነው፤ ያለፉት ዓመታት አስተምረውናል። ለዚህ ጉዳይ የሚመሳሰለው ግን ጎርፉ ነው። ጎሊና ወይም ሆርማት ሲሞላ አስተዋይ ሹፌር ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሰማዩ እኛ ጋ የጠራ መሆኑ አያታልለውም፤ ጎርፉ የመጣው ከላይ ከተራራው ነውና። የዚያ ሜዳ በረዶም እንዲሁ ነው። ከሰማይ ምንም ሳይወርድ፣ ፀሐይ እየታየች፣ ነፋሱ መሬት ላይ የተኛውን በረዶ አንሥቶ በመንገዱ ላይ ያስሮጠዋል። ሹፌሩ የፊቱን መኪና ማየት ይሳነዋል፤ እንደ አቧራ አውሎ ነፋስ ነው፣ ልዩነቱ ከሥሩ አስፋልቱ ማንሸራተቱ ነው። መኪኖች ሲጋጩና መንገዱ ሲታፈን ፖሊስ ይዘጋዋል። ልዩነቱ ጎርፍ በሰዓታት ይጎድላል፤ ይህ ግን ጠራጊ መኪና እስኪያልፍ፣ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ ይቆያል።

በዚያ ክፍለ ሀገር የመንገዱ ሁኔታ በስልክ ቁጥር 511 እና 511.alberta.ca በሚለው ገጽ ይነገራል። እናትየው እንዲያነቡት አንጠብቅም፤ አማቻቸው ሦስት ጊዜ እንዲያየው ግን በስልክ ተስማምተናል፦ ማታ ከመተኛቱ በፊት፣ ጠዋት ሲነሣ፣ ቁልፍ ከማዞሩ በፊት። ገጹ ላይ Travel Not Recommended የሚል ከወጣ፣ መንገዱ ባይዘጋም እንደ ተዘጋ ይቆጠራል። ካልጋሪ ቢያርፉ፣ ሰማዩ የጠራም ቢሆን፣ የዚያኑ ዕለት ጉዞ የለም። ካልጋሪ ያሉ የአገራችን ልጆች ለአንድ ሌሊት ሊያሳድሯቸው ቃል ገብተዋል። አማቹም ተኝቶ በማግስቱ ይነሣል። ከካልጋሪ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከወጡ በሰባት ሰዓት ይገባሉ፤ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ቢጠፋባቸውም ፀሐይ ሳትገባ ይደርሳሉ። ግማሹ ላይ ሬድ ዲር የምትባል ከተማ ስላለች፣ ከሷ ወዲያ ያለው ከተበላሸ እዚያ ማደር ነው።

ጎማውንም ጠይቀናል። የብርድ ጎማ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት ተሥሎበታል። በዚያ ክፍለ ሀገር ሕጉ አያስገድድም፤ ስለዚህ መኪና ያለው ሁሉ አለው ማለት አይደለም። የአማቻቸው መኪና እንዳለው ሥዕሉን ፎቶ አንሥቶ ልኮልናል። ሳቀብን እንጂ ላከ።

መኪናው መሐል ሜዳ ላይ በበረዶ ቢያዝ ደንቡ አንድ ነው፤ ከመኪናው አይወጡም። ርቀት ላይ መብራት ቢታይም በእግር አይኬድም፤ ፈላጊ ቶሎ የሚያገኘው መኪናን ነው። ሞተሩ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ይነሣል፤ ከመነሣቱ በፊት የጭስ ማውጫው አፍ ከበረዶ ይጸዳል፣ አንድ መስኮት ጣት የምታስገባ ያህል ይከፈታል። ይህ ያው የከሰሉ መርዝ ነው። ለዚህ ሲባል ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ውኃ፣ ዳቦ ቆሎ መኪናው ውስጥ ይቀመጣሉ። ዳቦ ቆሎውን እኛ እንቆላለን።

ይህ ሁሉ የእጅ ሻንጣውን ይወስነዋል። በረራ ተሰርዞ ቶሮንቶ ቢያድሩ ትልቁ ሻንጣ ከእሳቸው ጋር ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ስሱና መካከለኛው ድርብ አንድ ሙሉ ጥንድ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ቆብና ጓንት፣ የአንድ ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒት ከነማዘዣው በእጃቸው ይሆናል። የልጃቸው አድራሻ፣ ስልኳና የካልጋሪው ስልክ፣ አማርኛ ተናጋሪ መሆናቸውም ጭምር በእንግሊዝኛ በአንድ ካርድ ተጽፎ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ከቆቦም በመጨረሻው ቀን አይነሡም። እስከ አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከበረራው አራት ቀን ቀድመው ወጥተው ዘመድ ቤት ያርፋሉ።

በመጨረሻ ስለ ሻንጣው። የእኚህ እናት ልብስ ሲመለሱ ታጥቦ የማኅበሩ ይሆናል፤ ቀጣዩዋም ለብሳው ትሄዳለች፣ እሷም ትመልሳለች። እስካሁን በሻንጣው ውስጥ ሁለት ጥንድ ስስ የውስጥ ልብስ፣ ሁለት የሱፍ ሹራብ፣ አንድ ወፍራም ሱሪ፣ አራት ካልሲና አንድ ቆብ ገብቷል። ክሩን አቃጥለን ያረጋገጥነው ሁሉንም ነው። የጎደለው ባለ ከረጢት ጓንትና ከጫማ ሥር የሚጠለቀው ባለ ብረት ጥርስ ጎማ ነው፤ ሁለቱም እዚህ አይገኙም። በውጭ ያላችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ገንዘቡን ትታችሁ እነዚህን ብትልኩልን ይሻለናል። የእናትየው እግር ከነካልሲው 24 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው።